የአቅራብ ጌታ ማርስ ነው፣ ቤቱም መቆጠር አለበት

«የልደት ሰዓትህን በግምት ማወቅ ይበቃሃል። ዋናው ነገር ራይዚንግህን ማግኘት ነው።»

ይህ የተወሰደው የራይዚንግን ገዢ፣ ማለትም ያንን ኮከብ የሚገዛውን ፕላኔት፣ ስለማግኘት ከተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ ከታች እየጠቀስኩ የምመልስባቸውም ከዚያው ናቸው። ጽሑፉን የላከችልኝ ጓደኛዬ ናት። አንብባው ስትጨርስ «እና እኔ ፕሉቶ ነኝ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ራይዚንጓ አቅራብ ስለሆነ ነው እንዲህ ያለችው። መልሴ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጽፈው አሰብኩ። ቻርቷን፣ ማለትም ስትወለድ የነበረውን የሰማይ ሥዕል፣ እንድጠቀምበትም ፈቅዳልኛለች፤ ቀኑንና ቦታውን ግን አልናገርም።

ከሰዓቱ ልጀምር። ራይዚንግ ማለት በተወለዳችሁበት ደቂቃ በምሥራቅ አድማስ ላይ እየወጣ የነበረው ኮከብ ነው። እዚህ ላይ «ኮከብ» ስል ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያልን የምንቆጥራቸውን 12ቱን ማለቴ ነው። ማርስን፣ ቬነስንና ሌሎቹን ፕላኔት እላቸዋለሁ። ፀሐይና ጨረቃም በዚህ ጥበብ ከፕላኔቶቹ ጋር ይቆጠራሉ።

ምድር ስለምትዞር አድማሱ ላይ ያለው ኮከብ አይቆምም። አንድ ዲግሪ ለመውጣት በአማካይ 4 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንድ ኮከብ 30 ዲግሪ ስለሆነ ራይዚንጉ በአማካይ በየ2 ሰዓቱ ይቀየራል ማለት ነው። በአማካይ የምለው ከምድር ወገብ እየራቃችሁ ስትሄዱ አንዳንዱ ኮከብ ቶሎ ስለሚወጣ፣ ሌላው ደግሞ ስለሚዘገይ ነው።

እና ግምት ይበቃል? ይህ የሚወሰነው ራይዚንጉ ስንተኛው ዲግሪ ላይ እንዳለ ነው። የጓደኛዬ አቅራብ 20ኛው ዲግሪ ላይ ነው። ሰዓቱ ሩብ ሰዓት ወዲህና ወዲያ ቢል ለውጥ የለውም፣ ራይዚንጓ አቅራብ ሆኖ ይቀጥላል። 28ኛው ዲግሪ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን የ10 ደቂቃ ስህተት ራይዚንጓን ቀውስ ወደሚባለው ቀጣይ ኮከብ ያሳልፈው ነበር። ያኔ የሚቀየረው ስሙ ብቻ አይደለም። የቻርቱ ገዢ ከማርስ ወደ ጁፒተር ይሄዳል፣ ቤቶቹም፣ ማለትም ከራይዚንጉ ጀምረን የምንቆጥራቸው 12ቱ የሕይወት ዘርፎች፣ ሁሉም በአንድ አንድ ይንሸራተታሉ። አንዲት ሰው ስለ ራሷ ያነበበችው ሁሉ የሌላ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ የማደርገው ይህን ነው። ቻርቱን ሦስት ጊዜ አወጣለሁ። አንዱን በተነገረኝ ሰዓት፣ አንዱን 30 ደቂቃ ቀንሼ፣ አንዱን 30 ደቂቃ ጨምሬ። በሦስቱም ራይዚንጉ አንድ ከሆነ እቀጥላለሁ። ከተለያየ እዚያው አቆማለሁ፤ የተጻፈ የልደት ሰዓት እስኪገኝ ድረስ ስለ ገዢው አንድም ነገር አልናገርም። በተለይ ሰዓቱ ልክ «ሙሉ» ወይም ልክ «ተኩል» ተብሎ ከተነገራችሁ ጠርጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ወደሚቀርበው ቁጥር ያጠጋጋው ነው።

«የአቅራብ ገዢ ፕሉቶ ነው። የድሮ ሰዎች ማርስ ያሉት ቴሌስኮፕ ስላልነበራቸው ነው።»

ይህኛው ነጥብ ነው ከሁሉም በላይ ያስቆጨኝ። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አዎ፣ ፕሉቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፣ ከዚያ በፊት ማንም አያውቀውም ነበር። ዩራነስ በ1781፣ ኔፕቱን በ1846 ነው የተገኙት። ዛሬ ብዙ ሰው ደለዊን ለዩራነስ፣ ሑትን ለኔፕቱን፣ አቅራብን ለፕሉቶ ይሰጣል። ችግሩ፣ የድሮው ክፍፍል ፕላኔት ስላነሰ ብቻ የተሞላ ባዶ ቦታ አይደለም። ራሱን የቻለ አሠራር አለው።

አሠራሩን እንየው። ሸርጣን ለጨረቃ፣ አሰድ ለፀሐይ ተሰጡ። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ከእነሱ ተነሥታችሁ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ኮከብ ውጡ። ገውዝንና ሰንቡላን ታገኛላችሁ፤ የሜርኩሪ ናቸው። አንድ ጨምሩ፤ ሠውርና ሚዛን፣ የቬነስ። አንድ ጨምሩ፤ ሐመልና አቅራብ፣ የማርስ። ቀጥሎ ሑትና ቀውስ፣ የጁፒተር። በመጨረሻ ደለዊና ጀዲ፣ የሳተርን። ከአሰድና ከሸርጣን ትይዩ፣ በክቡ ማዶ የተቀመጡት ናቸው።

ሜርኩሪ ከፀሐይ ከ28 ዲግሪ በላይ ርቃ አትታይም። ስለዚህ ፀሐይ ካለችበት ኮከብ ወይ እዚያው ናት፣ ወይ በአንድ ኮከብ ትርቃለች። ቬነስ ደግሞ ከ47 ዲግሪ ገደማ አታልፍም፣ ማለትም ቢበዛ ሁለት ኮከብ። ኮከቦቹም የተሰጧቸው በዚሁ ርቀት ነው። ሳተርን ከሚታዩት ሁሉ ሩቁና ዝግተኛው ስለሆነ ከፀሐይና ከጨረቃ ኮከቦች ትይዩ ተቀመጠ። አንዱን ነቅላችሁ ሌላ ስትተኩ ይህ ሚዛን ይፈርሳል። አቅራብን ለፕሉቶ ብትሰጡ ማርስ በአንድ እግሩ ይቀራል፤ ሐመል ብቻ ይሆናል ያለው።

ይህ ለእናንተ የውበት ጉዳይ መስሎ ከታያችሁ አልከራከርም። የምከራከረው በሚከተለው ነው።

ፕሉቶ በጣም ዝግተኛ ነው። ክቡን ለመዞር 248 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በአቅራብ የነበረው ከ1983 መጨረሻ እስከ 1995 መጨረሻ ነው (በመሃል ለጥቂት ወራት ወጣ ያለበት ጊዜ አለ)። እንግዲህ አስቡት። በእነዚህ 12 ዓመታት ውስጥ ራይዚንጉ አቅራብ ሆኖ የተወለደ ሰው ሁሉ፣ የትም ይወለድ የት፣ ፕሉቶው ያለው በራሱ በራይዚንጉ ኮከብ ነው። ቤቶቹን በኮከብ ከቆጠራችሁ ሁሉም 1ኛ ቤት ነው። ዶክተሩም፣ ዘፋኙም፣ ገበሬውም አንድ ዓይነት ይነበባሉ። «ጥልቅ ነሽ፣ ምስጢረኛ ነሽ፣ ተሰብረሽ ትነሺያለሽ።» ይህን የማይወድ ማን አለ? ስለ አንድ ሰው ግን የሚናገረው ነገር የለም።

ማርስ ግን ክቡን የሚዞረው በ687 ቀን ነው። ሁለት ዓመት እንኳን አይሞላም። በእነዚያ 12 ዓመታት ውስጥ በ12ቱም ኮከብ ደጋግሞ ዞሯል። ገዢውን የምንፈልገው አንዱን የአቅራብ ራይዚንግ ከሌላው ለመለየት ከሆነ፣ የሚለየው ማርስ ነው።

ፕሉቶን ጣሉት አላልኩም። ራይዚንጉ ዲግሪ ላይ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ተጠግቶ ከተቀመጠ አነበዋለሁ፣ ያውም በትኩረት። ግን እንደ እንግዳ ነው የማነበው። የቤቱ ባለቤት ሌላ ነው። በጓደኛዬ ቻርት ደግሞ ፕሉቶ 10ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከራይዚንጓ 10 ዲግሪ ርቆ። ለእንግድነትም ራቅ ብሏል።

«ገዢህ ያለበትን ኮከብ እወቅ። ቤቱ ዝርዝር ጉዳይ ነው፣ ከፈለግክ በኋላ ታየዋለህ።»

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እንሥራው።

ጓደኛዬ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1988 አጋማሽ፣ ረፋድ ላይ ነው። ራይዚንጓ አቅራብ 20 ዲግሪ። ገዢዋ ማርስ። ማርስ የት ነው? ሐመል፣ 9ኛው ዲግሪ አካባቢ። በጽሑፉ መንገድ ብንሄድ እዚህ አበቃን። ማርስ በሐመል ማለት በራሱ ኮከብ ነው፤ ኃይለኛ፣ ቀጥተኛ፣ የማይፈራ፣ ወዘተ። ልጅቷን ለሚያውቃት ሰው ግን ይህ አያስኬድም። ድምፅዋ እንኳን ዝግ ያለ ነው። ሰው ሲሰበሰብ ጥግ የምትይዝ ናት።

አሁን ቤቱን እንቁጠር። ከራይዚንጉ ኮከብ ተነሡ፣ እሱ 1 ነው። አቅራብ 1፣ ቀውስ 2፣ ጀዲ 3፣ ደለዊ 4፣ ሑት 5፣ ሐመል 6። ማርሷ በ6ኛ ቤት ነው።

6ኛ ቤት የየዕለት ድካም ቤት ነው። የማይታይ ሥራ፣ ሌላውን ማገልገል፣ በሽታና በሽተኛ። ኮከቡ የሚነግራችሁ ማርስ እንዴት እንደሚሠራ ነው፣ ቤቱ የሚነግራችሁ የት እንደሚሠራ ነው። ያ ሁሉ ቀጥተኛነትና ፍጥነት ወደ አደባባይ አልወጣም። ወደ ሥራ ክፍል ነው የገባው።

ጓደኛዬ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት። ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ ምላጩን የምታቀብለው እሷ ናት። አንዴ ስለ ሥራዋ ስትነግረኝ እጇን አየሁት። ስታወራ ሳታስበው ጣቶቿ መሣሪያ ያቀብላሉ፣ እጀታውን ወደ ሰው፣ ስለቱን ወደ ራሷ። በስብሰባ ላይ አንድ ቃል የማይወጣት ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ መቀስ ቢጎድል ዋናውን ሐኪም ታስቆማለች። «ሳይቆጠር አይዘጋም» ትላለች፣ አይዘጋም። ስለት፣ ደም፣ ብረት፣ ፍጥነት የማርስ ናቸው። ሕመምተኛና አገልግሎት የ6ኛ ቤት ናቸው። አንድ ቻርት ማስረጃ አይሆንም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ኮከቡ ብቻውን ሲነበብ የጠፋችው ሰው፣ ቤቱ ሲጨመር ተመልሳ መጣች።

ያው ራይዚንግ ያለው ሌላ ሰው ማርሱ በአሰድ ቢሆን፣ ቁጠሩት፣ 10ኛ ቤት ነው። ያ ሰው የሚታወቀው በአደባባይ ሥራው ነው። በሠውር ቢሆን 7ኛ፤ ሕይወቱ በትዳሩ፣ በሸሪኩ ወይም በተቀናቃኙ በኩል ይሄዳል። ሦስቱም «አቅራብ ራይዚንግ» ናቸው። ቤቱን ዝርዝር ያላችሁት ቀን ሦስቱን አንድ አደረጋችኋቸው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ሌላም ነገር አለ። ከፀሐይና ከጨረቃ በቀር ሁሉም ፕላኔት ሁለት ኮከብ ይገዛል። ስለዚህ የቻርታችሁ ገዢ ከ1ኛ ቤት ሌላ አንድ ቤት ደግሞ ይዟል፤ የሄደበት ሁሉ ያንን ቤት ይዞት ይሄዳል። ራይዚንጋችሁ አቅራብ ከሆነ ማርስ 1ኛንና 6ኛን ይገዛል። ሐመል ከሆነ ግን ያው ማርስ 1ኛንና 8ኛን ይገዛል። ሁለቱ ሰዎች «ማርስ ነን» ቢሉም የአንዱ ማርስ ድካምና ጤናን ተሸክሟል፣ የሌላው ዕዳን፣ ውርስንና ሞትን። ራይዚንጉ ሑት የሆነ ሰው ጁፒተሩ 10ኛውን ጨምሮ ስለሚይዝ ማንነቱና ሥራው አንድ ገዢ አላቸው። ራይዚንጉ ቀውስ የሆነው ሰው ጁፒተር ደግሞ 4ኛውን፣ ማለትም ቤተሰብንና መኖሪያን ነው የሚይዘው። ይህን ካላያችሁ ገዢውን ግማሹን ብቻ ነው ያያችሁት።

በነገራችን ላይ፣ ጓደኛዬ ቻርቷን በኢንተርኔት ስታወጣ ማርሷ 5ኛ ቤት ሆኖ ነው የመጣላት። እናንተንም ይህ ያጋጥማችኋል። አብዛኛው የቻርት ማውጫ ካልነካችሁት በፕላሲደስ ዘዴ ነው የሚከፍለው። በፕላሲደስ ቤቱ የሚጀምረው ከኮከቡ መጀመሪያ አይደለም፣ ከራይዚንጉ ዲግሪ ነው። የእሷ 20ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆነ ቤቶቹ በየኮከቡ መሃል ይቆራረጣሉ፤ 6ኛ ቤቷ የሚጀምረው ማርስ ካለበት 9ኛ ዲግሪ አልፎ ነው። ስለዚህ ማርስ ወደ ኋላ፣ ወደ 5ኛ ቀረ። በኮከብ ስትቆጥሩ ግን ሐመል በሙሉ 6ኛ ነው።

የቱ ትክክል ነው የሚለው ክርክር ረጅም ነው። እኔ ገዢን ስከተል በኮከብ ነው የምቆጥረው። ምክንያቴ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ርምጃ «የአቅራብ ጌታ» ብላችሁ በኮከብ ነው የወሰዳችሁት፤ ሁለተኛውን ርምጃ በሌላ መለኪያ ብትወስዱ መንገዱ ይጣመማል። ፕላሲደስን የምትወዱ ከሆነ ሁለቱንም አውጡና አስተያዩ። ሁለቱ ቁጥር አንድ ሲሆን በልበ ሙሉነት አንብቡ። ሲለያይ ሁለቱንም ጻፉና ሰውየውን ጠይቁ። የጓደኛዬን 5ኛ ቤት ጠይቄ ነበር፤ ልጆች፣ ጨዋታ፣ ፈጠራ። ትከሻዋን ነቀነቀች። 6ኛውን ስጠይቃት አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች።

«ገዢህ በ6ኛ፣ በ8ኛ ወይም በ12ኛ ቤት ከወደቀ ዕድልህ ዝግ ነው። ማድረግ የምትችለው ነገር የለም።»

ይህን አንብቦ ያዘነ ሰው ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ጓደኛዬ ግን አንዷ ናት። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ከባዶ የመጣ አይደለምና። በክቡ ላይ አንድ ኮከብ ሌላውን «የሚያየው» በተወሰነ ርቀት ሲሆን ነው። ከ1ኛ ቤት ላይ ሆናችሁ 3ኛን፣ 4ኛን፣ 5ኛን፣ 7ኛን፣ 9ኛን፣ 10ኛንና 11ኛን ታያላችሁ። 2ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛና 12ኛ አይታዩም፤ ወይ በጣም ቀርበዋል ወይ በማይመች ማዕዘን ናቸው። ገዢው በእነዚህ በአንዱ ሲሆን የራሱን ራይዚንግ አያይም። ደጁን ከማያይበት ቦታ ሆኖ እንደሚሠራ አባወራ ነው። ቤቱ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ይሠራል፤ ግን በር ሲንኳኳ ወጥቶ የሚመልስ የለም።

አስተውሉ፣ 2ኛው ቤትም አይታይም። ጽሑፉ ግን 2ኛን ዝግ አላለውም፣ የገንዘብ ቤት ስለሆነ መሰለኝ። ይህ ብቻ ጸሐፊው ደንቡን ሳይሆን የቤቶቹን ስም እንደተከተሉ ያሳያል።

በሰው ሕይወት ይህ ምን ይመስላል? ገዢው የማያየው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ለማስተዋወቅ ይቸገራል። የሚሠራው አንድ ቦታ ነው፣ የሚታየው ሌላ ቦታ። ጓደኛዬን ስብሰባ ላይ ያያት ሰው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ምን እንደምትመስል አይገምትም። ችግሩ ይህ ነው። ዝግ ዕድል ግን አይደለም።

ከዚያ ደግሞ የሚያቀል ነገር መፈለግ አለባችሁ። በእሷ ቻርት ሁለት አገኘሁ።

የመጀመሪያው፣ አቅራብና ሐመል አንድ ጌታ ያላቸው ኮከቦች መሆናቸው ነው። በድሮው ትምህርት አንድ ጌታ ያላቸው ኮከቦች ባይተያዩም እንኳ ዝምድና አላቸው፤ መለያየቱ ይለዝባል። ሠውርና ሚዛን፣ ጀዲና ደለዊም እንደዚሁ ናቸው። ማርስ እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ አይደለም የጠፋው። ከአንዱ ቤቱ ወጥቶ ሌላው ቤቱ ውስጥ ነው ያለው። ማርሱ በገውዝ፣ በ8ኛ ቤት ቢሆን ይህ ዝምድና አይኖርም ነበር፣ ንባቡም ይከብድ ነበር። በራሱ ኮከብ መሆኑ ደግሞ መሣሪያው ሁሉ በእጁ ነው ማለት ነው፤ ከማንም አይለምንም።

ሁለተኛው ጁፒተር ነው። ገዢውን ማን እንደሚረዳው ማየት የግድ ነው። ጁፒተሯ በገውዝ 6ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። ከማርሷ ጋር ያለው ርቀት 57 ዲግሪ ነው፤ ለ60 በ3 ዲግሪ ተጠግቷል። 60 የመረዳዳት ርቀት ነው። ጁፒተር ራሱ ያለው በ8ኛ ቤት ነው፣ በውርስና በሌላ ሰው ገንዘብ ቤት። ይህን ልብ በሉት፣ እመለስበታለሁ።

የሚያከብድም ነገር አለ፣ እሱን አልደብቅም። የተወለደችው በቀን ነው። ማርስ በዚህ ጥበብ የሌሊት ፕላኔት ነው፤ በቀን ቻርት ስለቱ ይሳላል። ድካሙ እውነተኛ ድካም ነው። ወገቧን ታማለች፣ እጇን ሁለት ጊዜ ተቆርጣለች። ስለ ጤናዋ ግን ከቻርት ተነሥቼ ምንም አልነግራትም፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

«ገዢው ሪትሮግሬድ ከሆነ ደግሞ ሞቷል፣ አይሠራም።»

የእሷ ማርስ ሪትሮግሬድ ነው፣ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። ስለዚህ በአጭሩ።

ወደ ኋላ መሄዱ ከምድር ሲታይ ነው። ምድር ማርስን ከውስጥ በኩል ስትቀድመው ለጥቂት ሳምንታት ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል፣ ጎናችሁ ያለውን መኪና ስትቀድሙት እንደሚመስለው። ይህ የሚሆነው በ26 ወር ገደማ አንዴ ሲሆን፣ ማርስ ከፀሐይ ትይዩ በሚሆንበትና ለምድር በሚቀርብበት ጊዜ ነው። ሴፕቴምበር 1988 ደግሞ ከምድር 59 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ቀርቦ ነበር፤ ይህ ለማርስ በጣም ቅርብ የሚባል ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ይወጣል፣ ሌሊቱን ሁሉ ቀይ ሆኖ ያበራል። የሞተ ፕላኔት እንዲህ አይታይም።

በንባብ ሪትሮግሬድ ማለት መመለስ ነው፣ የተጀመረን እንደገና መያዝ። ጓደኛዬ ያንን ክፍል ሁለት ጊዜ ለቃ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። አንዴ ቢሮ ሥራ አገኘች፣ ደመወዙም ይሻል ነበር። በ7ኛው ወር ተመለሰች።

ይህን ሁሉ ካነበብኩላት በኋላ ስለ ጁፒተሩ ጠየቅኋት። ሥራሽን በሚመለከት የሌላ ሰው ገንዘብ ወይም ውርስ የረዳሽ ነገር አለ ወይ ብዬ ነው የጠየቅኋት፣ መልሱን ሳላውቅ። ዝም አለች። ከዚያ የነርስነት ትምህርቷን የጨረሰችው አያቷ ሲሞቱ በተዉላት ገንዘብ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን ያህል ዓመት ስንተዋወቅ ነግራኝ አታውቅም ነበር።